40 ወይስ 34? ስሌት የሚያስተምር ካሩሰል በአማርኛ ስንጽፍ

ቶሮንቶ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ቡና ቆልታ ባለ 250 ግራም ፓኬት እያደረገች ትሸጣለች። ቅዳሜና እሁድ ለደንበኞች በችርቻሮ ትሰጣለች፤ አንድ የሐበሻ ሱቅ ደግሞ በጅምላ በ5 ዶላር ይወስድላታል። 10 ኪሎ ጥሬ ቡና በ136 ዶላር ትገዛለች። ስሌቷ ቀላል ነበር፦ 10 ኪሎ ማለት 40 ፓኬት ነው፣ 136 ለ40 ሲካፈል 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይመጣል። የማሸጊያውንና የምትከራየውን ወጥ ቤት ስትጨምርበት አንዱ ፓኬት 4 ዶላር ከ68 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሱቁ በወሰደው እያንዳንዱ ፓኬት 32 ሳንቲም የምታተርፍ ይመስላት ነበር።

ችግሩ ቡና ሲቆላ የሚቀል መሆኑ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ ይተናል፣ ጋዝ ይወጣል፣ ስሱ ገለፈትም ይላቀቃል። 10 ኪሎ ጥሬዋ ተቆልቶ ሲመዘን 8.5 ኪሎ ነው። ከዚያ የሚወጣው ደግሞ 34 ፓኬት እንጂ 40 አይደለም። ስሌቱን በ34 ስንሠራው አንዱ ፓኬት 5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ያስወጣታል። በ5 ዶላር ስትሸጥ ቆይታ ነበርና፣ ለሱቁ በሰጠችው ቁጥር 35 ሳንቲም ከኪሷ እየጨመረች ነበር።

ይህን ካወቀች በኋላ እንደ እሷ ቡና፣ በርበሬና ሽሮ ለሚሸጡ ጓደኞቿ ማካፈል ፈለገች። «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፣ በኢንስታግራም የሚገፋውን ዓይነት ሥራልኝ» አለችኝ። የሚገፋው የተባለው ካሩሰል ነው፤ በአንድ ልጥፍ ውስጥ ብዙ ምስሎች ተደርድረው ሰው በጣቱ እየገፋ የሚያያቸው። እኔም ንድፉ ላይ ሁለት ምሽት ፈጀሁ፤ ጽሑፉን ግን በ10 ደቂቃ ጨረስኩት። ይህ ጽሑፍ ያንን ስህተት እንዴት እንዳረምኩትና በመጨረሻ እያንዳንዱ ስላይድ ላይ ምን እንደተጻፈ ያሳያል።

አንቀጽ ቆርጦ መደርደር ለምን አልሠራም

የመጀመሪያው ሙከራዬ አንድ ጥሩ አንቀጽ ጽፎ በአምስት ምስል ላይ መከፋፈል ነበር። የመጀመሪያው ስላይድ «ቡና ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ የአንድን ፓኬት ወጪ ስናሰላ በገዛነው ጥሬ ኪሎ ሳይሆን…» ይላል። ሁለተኛው «…ቆልተን ባገኘነው ኪሎ ማካፈል እንዳለብን ብዙዎቻችን ሳናስተውል…» ብሎ ይቀጥላል። ሰው ለማወቅ ጓጉቶ ይገፋል ብዬ ነበር።

በአማርኛ ግን ይህ ዘዴ ራሱ ላይ ይዞራል። ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ስንቆርጠው አንባቢው እጅ ላይ የሚቀረው ምክንያቱና ሁኔታው ብቻ ነው፤ ምን እንደሚደረግ የሚነግረው ቃል ገና በሚቀጥለው ምስል ላይ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ በአእምሮው ተሸክሞ መግፋት አለበት። ሁለት ጊዜ ከተሸከመ ይሰለቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንቤ ይህ ሆነ፦ እያንዳንዱ ስላይድ በአራት ነጥብ ይዘጋል። ዓረፍተ ነገር ከስላይድ ወደ ስላይድ አይሻገርም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። ያንን ልጥፍ ያዩ ሰዎች «ጥሩ ምክር ነው» ብለው አለፉ። ማንም አልመዘነም፣ ማንም አላሰላም። ጽሑፉን ደግሜ ሳየው ምክንያቱ ገባኝ፤ በአምስቱም ስላይዶች ላይ አንባቢው በእጁ የሚሠራው አንድም ነገር የለም። ያካፈልኩት ዓረፍተ ነገሩን እንጂ ሥራውን አልነበረም። ስሌቱን ስትሠራ የአክስቴ ልጅ እጅ ምን አደረገ? መዘነች፣ ቆልታ እንደገና መዘነች፣ አካፈለች፣ እንደገና አካፈለች፣ ደመረች፣ አነጻጸረች። ስላይዱ መቆረጥ ያለበት እዚህ ነው፤ እጅ አንድን ሥራ ጨርሶ ሌላ በሚጀምርበት ቦታ። አንድ ስላይድ፣ አንድ የእጅ ሥራ።

ስላይዶቹ በተራ

ስምንት ስላይድ ሆነ። ኢንስታግራም በአንድ ካሩሰል እስከ 20 ምስል ይፈቅዳል፤ የቴሌግራም አልበም ግን በ10 ያበቃል። ጓደኞቿ ያሉት በሁለቱም ስለሆነ ከ10 በታች መቆየት ነበረብኝ።

ስላይድ 1፦
«10 ኪሎ ጥሬ ቡና
40 ፓኬት አይወጣውም።»

ሽፋኑ ላይ «የወጪ አሰላል ለጀማሪዎች» ብዬ ጽፌ ነበር። እሱ የትምህርቱ ስም ነው፤ ለማንም ምንም አይነግርም። ቡና የምትሸጥ ሴት ግን 10 ሲባዛ በ4፣ 40 እንደሆነ ታውቃለች። አይወጣውም ስትባል «እንዴት?» ትላለች። ጥሩ ሽፋን የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ መፈለግ ያለበት አንባቢው በልቡ ይዞት የሚዞረውን የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ስላይድ 2፦
«ቡና ሲቆላ ይቀላል።
10 ኪሎ ጥሬ ተቆልቶ
8.5 ኪሎ ሆነ።
34 ፓኬት ብቻ።»

ይህ ስላይድ ያለ ሽፋኑም መቆም አለበት። ሰው ሽፋኑን አይቶ ሳይገፋ ካለፈ ኢንስታግራም ያንኑ ልጥፍ በሌላ ጊዜ ከሁለተኛው ምስል ጀምሮ ሊያሳየው ይችላል። በ«ምክንያቱም» ወይም በ«ስለዚህ» የሚጀምር ሁለተኛ ስላይድ ያኔ ትርጉም የለውም። ለመፈተን ሽፋኑን በጣታችሁ ሸፍናችሁ ሁለተኛውን ብቻ አንብቡት።

ስላይድ 3፦
«ሳትቆሉ መዝኑ።
ቆልታችሁ ሲቀዘቅዝ
እንደገና መዝኑ።
በግራም ጻፉ።
ምሳሌ፦ 10000 → 8500
የእናንተ፦ ____ → ____»

እዚህ ላይ ሥራው ይጀምራል። ባዶው መስመር ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ቡና የሚቀንሰው እንደ አቆላሉ ነው፤ ሳሳ ብሎ የተቆላ ከ12 እስከ 14 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፣ ጠቆር ያለው ደግሞ 20 በመቶና ከዚያም በላይ። ምሳሌውን ብቻ ብጽፍ 8500ን እንዳለ የሚወስድ ሰው ይኖራል፣ ስሌቱም የእሱ ሳይሆን የእኛ ይሆናል። ባዶው መስመር «ይህ የሌላ ሰው ቁጥር ነው፣ ያንተን ፈልግ» የሚል ምልክት ነው። ከዚህ ስላይድ እስከ ሰባተኛው ድረስ ሁሉም ላይ አለ፣ ቦታውም አይቀያየርም፤ ሁልጊዜ ታች ነው።

ስላይድ 4፦
«የተቆላውን ግራም
ለ250 አካፍሉ።
ከነጥብ በኋላ ያለውን ተዉ።
8500 ÷ 250 = 34
የእናንተ፦ ____»

ይህ ስላይድ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ። «ከነጥብ በኋላ ያለውን ተዉ» የሚለው የገባው ሁሉም ሰው እንደ እኛ ምሳሌ ድፍን ቁጥር ስለማያገኝ ነው። 8400 ግራም ያላት ሴት 33.6 ታያለች፣ ስድስት አሥረኛ ፓኬት ግን አይሸጥም።

ስላይድ 5፦
«ለጥሬው የከፈላችሁትን
ለፓኬቱ ብዛት አካፍሉ።
ምሳሌ፦ 136 ÷ 34 = 4
የእናንተ፦ ____»

34ቷ ከስላይድ 4 ተነስታ እዚህ መጣች። በስሌት ካሩሰል ውስጥ ስላይዶቹን የሚያያይዘው «በመቀጠል» የሚለው ቃል ሳይሆን እንዲህ የሚሻገረው ቁጥር ነው። በምስሉ ላይ 34 በሁሉም ስላይድ አንድ ዓይነት ቀለም አላት፤ አይን ከየት እንደመጣች ራሱ ያገኛታል።

ስላይድ 6፦
«ሌላውን ወጪ ጨምሩ።
ቡናው፦ 4.00
ወጥ ቤት፦
17 ÷ 34 = 0.50
ማሸጊያ፦ 0.85
ድምር፦ 5.35
የእናንተ፦ ____»

ከሁሉም የተጨናነቀው ይህ ነው፣ ሰባት መስመር አለው። ለሁለት ልከፍለው አስቤ ተውኩት፤ ድምር የሚደመሩትን ቁጥሮች አጠገቡ ካላየ ሊፈተሽ አይችልም። የሚደመር ነገር አብሮ መታየት አለበት።

ስላይድ 7፦
«ከምትሸጡበት ዋጋ
ወጪውን ቀንሱ።
5 − 5.35 = −0.35
ከዜሮ በታች ከሆነ
ኪሳራ ነው።
የእናንተ፦ ____»

ነገሩ ሁሉ የተጻፈው ለዚህ ስላይድ ነው። መጀመሪያ ላይ «ዋጋችሁን እንደገና አስቡበት» የሚል ነበር። የአክስቴ ልጅ አይታ «ይህማ ምክር ነው፣ እኔን ያስደነገጠኝ የመቀነስ ምልክቷ ናት» አለችኝ። ትክክል ናት። ምክሩን አወጣሁት፣ ምልክቷን አስቀረኋት።

ስላይድ 8፦
«(ጥሬው + ወጥ ቤቱ)
÷ ፓኬት + ማሸጊያ
= የአንዱ ወጪ።
ድካማችሁ ገና
አልተቆጠረም።»

የመጨረሻው ሰው አስቀምጦ በኋላ የሚመለስበት ነው፤ ስለዚህ ሰባቱን ሳያይ በራሱ የሚያገለግል መሆን አለበት። በምሳሌው ቁጥር ፈትሹት፦ 136 ሲደመር 17፣ 153 ነው፤ ለ34 ሲካፈል 4.50፤ 0.85 ሲጨመር 5.35። ከስላይድ 6 ጋር ገጠመ። ካልገጠመ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ስሌቱ የት ላይ እንደሚያቆም ትናገራለች፤ ቆሞ የመቁላቱና የማድረሱ ሰዓት እዚህ ውስጥ የለም። ይህን ሳንናገር ብንዘጋ በ5 ዶላር ከ40 የምትሸጥ ሴት አተረፍኩ ብላ ትተኛ ነበር።

አራተኛው ስላይድ ለምን ሦስት ጊዜ ተጻፈ

ጽሑፉን ወደ ምስል ከመቀየሬ በፊት ለአንድ ሰው በስልክ አነበብኩለት። የአክስቴ ልጅ ጎረቤት የሆኑ፣ በርበሬ የሚያዘጋጁ እናት ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ስላይድ ይነበባል፣ ከዚያ ዝም ይባላል። የሚሰማው ሰው ካልኩሌተር ይዞ የተባለውን ይሠራል፣ ውጤቱን ይናገራል። ማብራራት አይፈቀድም። ለማብራራት አፋችሁ ከተከፈተ ስላይዱ አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቅጂ በኪሎ ነበር፦ «የተቆላውን ለፓኬቱ መጠን አካፍሉ»። ጥቂት ቆይተው «ልጄ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሠላሳ አራት ይላል እኮ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ምን ለምን አካፈሉ?»

«8.5ን ለ250 ነዋ! ፓኬቱ ላይ 250 አይደል የሚለው?»

እውነታቸውን ነው። የተቆላውን በኪሎ ነገርኳቸው፣ ፓኬቱ ግን ግራም ይላል። በሁለተኛው ቅጂ 250ን ወደ 0.25 ቀየርኩት። እሱንም ሲሠሩ ነጥቧን ረስተው በ25 አካፈሉ። በሦስተኛው ላይ ነጥብን ጨርሼ አስወጣሁ፤ ስላይድ 3 ላይ «በግራም ጻፉ» የሚለውን ጨመርኩ፣ ስላይድ 4 ላይ 8500 ለ250 ሆነ። ያኔ 34 ብለው በአንዴ መለሱ። በሺህ ላይ የምትገባውን ኮማም ያወጣሁት ለዚሁ ነው፤ 8,500 ተብሎ የተጻፈውን ሰው እንዳየው ካልኩሌተር ላይ ሲነካ ኮማዋ ነጥብ ትሆናለች።

ከዚህ የተማርኩት ስህተቱ በተሰማበት ስላይድ ላይ ላይሆን እንደሚችል ነው። አራተኛው ላይ የወደቁት ሦስተኛው አሃዱን ስላልወሰነ ነበር። ሰው አንድ እርምጃ ላይ ሲሳሳት መጀመሪያ ከእሱ በፊት ያለውን መርምሩ።

አንድ ስላይድ ስንት ፊደል ይይዛል?

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። ምስሉ 1080 በ1350 ፒክሰል ነው። ኢንስታግራም የመጀመሪያውን ምስል ቅርጽ ለሌሎቹም ስለሚጠቀም ሁሉንም በአንድ መጠን ሥሩ። ከግራና ከቀኝ 100 ፒክሰል ስተው ለጽሑፍ 880 ፒክሰል ቀረኝ። ፊደሉን በ60 ፒክሰል ስጽፍ በአንድ መስመር የሚገባልኝ 18 ያህል ሆሄ ነው፣ ባዶ ቦታውን ጨምሮ። እንደ ፎንቱ ይለያያል፤ የእናንተን ፎንት በአንድ ስላይድ ሞክሩና ቁጥሩን ራሳችሁ ውሰዱ።

18 ትንሽ ይመስላል፤ ነውም። እንግሊዝኛ በሦስት አጫጭር ቃላት የሚለውን አማርኛ በአንድ ቃል ይለዋል፣ ያ ቃል ግን ለሁለት አይሰበርም። «እንደሚያስፈልጋችሁ» ብቻውን 11 ሆሄ ነው፤ ከመስመሩ ከግማሽ በላይ ይወስዳል፣ ጎረቤቱንም ወደ ታች ይገፋዋል። መፍትሔው ፊደሉን ማሳነስ ሳይሆን ግሱን ማሳጠር ነው። «መመዝን ያስፈልጋችኋል» ሳይሆን «መዝኑ»።

ፊደልን መቁጠር ለኛ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሆሄ፣ ከነአናባቢው፣ በዩኒኮድ አንድ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ በፓይተን `len("መዝኑ")` ብትሉ 3 ይላችኋል። ባይት ከቆጠራችሁ ግን በ`UTF-8` አንዱ ሆሄ 3 ባይት ስለሆነ 9 ታያላችሁ። ስላይዶቹን `slides.txt` በሚባል ፋይል፣ በመሃላቸው `---` ብቻ ያለበት መስመር አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ ይህን አስሮጣለሁ፦

```python
import textwrap

WIDTH = 18
text = open("slides.txt", encoding="utf-8").read()

for n, s in enumerate(text.split("\n---\n"), 1):
    rows = []
    for p in s.splitlines():
        rows += textwrap.wrap(p, WIDTH, break_long_words=False)
    wide = [r for r in rows if len(r) > WIDTH]
    print(n, len(rows), wide)
    for bad in ("፡፡", " ።", " ፣"):
        if bad in s:
            print("   ", repr(bad))
```

የሚታተመው የስላይዱ ቁጥር፣ የመስመሩ ብዛትና ከ18 የሚያልፍ መስመር ነው። ከሰባት መስመር ሲበልጥ ከስላይዱ ላይ አንድ ነገር እቀንሳለሁ። ስላይድ 4 ላይ «ከነጥብ በኋላ ያለውን ተዉ» የሚለው ረዥም ቢመስልም በአንድ መስመር ገብቷል፣ ጠቅላላውም አምስት ስለሆነ አልነካሁትም።

መጨረሻ ላይ ያለው ፍተሻ የሚይዘው ሁለት የተለመዱ ጣጣዎችን ነው። አንደኛው ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ መተው ነው። «መዝኑ ።» ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። መስመሩ ሲሞላ ሶፍትዌሩ ባዶ ቦታው ላይ ይሰብረዋል፣ አራት ነጥቡም ብቻውን በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መምታት ነው፣ «፡፡»። በዓይን ይመሳሰላሉ፤ በኮምፒውተር ዘንድ ግን ሌላ ምልክት ናቸው፣ በትልቅ ፊደል ሲጻፉም ክፍተታቸው ይጋለጣል።

ቁጥርና መለኪያም እንዳይለያዩ ተጠንቀቁ። «10» በመስመሩ መጨረሻ፣ «ኪሎ» በሚቀጥለው መጀመሪያ ላይ ሲወድቁ አንባቢው አሥሩን ብር ይሁን ፓኬት አያውቅም። በመሃላቸው ተራውን ባዶ ቦታ ሳይሆን የማይሰበረውን፣ `U+00A0`ን፣ አስገቡ። ከላይ ያለው ኮድም ይህን ቦታ አይሰብረውም።

አጉልቶ ለማሳየት

የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ስላለው ርዕሱን በትልቁ ጽፎ መለየት ይችላል። ለእኛ ያለን የፊደሉ መጠን፣ ውፍረቱና ቀለሙ ብቻ ነው። ውፍረት ላይ ወጥመድ አለ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተለያየ ውፍረት ይዞ የተሠራ ፎንት ነው። አቢሲኒካ ግን ያለው መደበኛው ብቻ ነው፤ በእሱ ላይ `Bold` ስትጫኑ ፕሮግራሙ ፊደሉን ራሱ ያወፍረዋል። ያኔ እንደ «ቤ» እና «ሌ» ያሉት ፊደሎች ቀለበታቸው ይደፈናል፣ በስልክ ላይ ሲያንሱ ደግሞ ለመለየት ያስቸግራሉ። የመቀነስ ምልክቷ እንድትታይ የፈለግኩበት ስላይድ 7 ላይ ይህ ገጥሞኝ ፎንቱን ቀየርኩት።

ለአንባቢው የምንጠቀምበትን ቅጽም ከመጀመሪያው ወስኑ። «መዝን»፣ «መዝኚ»፣ «መዝኑ»፣ «ይመዝኑ» ሁሉም ትክክል ናቸው፤ በአንድ ካሩሰል ውስጥ ግን ሲደባለቁ የተለያየ ሰው የጻፈው ይመስላል። እኔ «መዝኑ»ን መረጥኩ። ሴትንም ወንድንም ይይዛል፣ አጭር ነው፣ «ይመዝኑ» ደግሞ «እነሱ ይመዝኑ» ከሚለው ጋር ሊምታታ ይችላል።

ከምስሉ ውጭ የሚቀረው

ምስል ላይ ያለ ጽሑፍ አይቀዳም፣ አይፈለግም፣ ለማየት ለሚቸገርና ስልኩ ለሚያነብለት ሰውም አይነበብም። ኢንስታግራም ለእያንዳንዱ ምስል አማራጭ ጽሑፍ ማስገባት ይፈቅዳል። ጽሑፉ በፋይል ስላለኝ እያንዳንዱን ስላይድ እንዳለ ወደዚያ ቀዳሁት፤ ምልክቶቹን ብቻ በቃል ጻፍኳቸው፤ «÷» የሚለውን «ሲካፈል ለ» ብዬ። ከልጥፉ ስር በሚጻፈው ላይ ደግሞ የስላይድ 8ን ቀመርና አንድ ጥያቄ ብቻ አኖርኩ፦ «የእናንተ 10 ኪሎ ስንት ፓኬት ወጣው?» መልሱ ቁጥር የሆነ ጥያቄ ማን እንደሠራውና ማን እንዳላሠራው ያሳያል።

ልጥፉ ከወጣ በኋላ ከመጡት መልሶች ውስጥ የአክስቴ ልጅ ደጋግማ የምታሳየኝ አንዱን ነው። በስልክ የፈተንኩባቸው እናት ፎቶ ልከዋል፤ በደብተር ላይ የእናንተ፣ የእናንተ እያሉ ስድስት መስመር አስምረዋል። «ቡና» የሚለውን ሰርዘው «ዛላ በርበሬ» ብለዋል። ግንዱና ፍሬው ወጥቶ፣ ደርቆ፣ ቅመሙ ገብቶ፣ ተፈጭቶ የቀረውን መዝነዋል። ቅመም ክብደት ስለሚጨምር የቅመሙን ዋጋ ከጥሬው ጋር ደምረው ነው ያካፈሉት። ያንን የሚል ስላይድ እኛ አልጻፍንም፤ ግን እርምጃዎቹ አንድ አንድ ሥራ ብቻ ስለያዙ የት ላይ ማስገባት እንዳለባቸው አውቀውታል።

የአክስቴ ልጅም ስላይድ 7ን በስልኳ ይዛ ወደ ሱቁ ሄደች። ባለቤቱ የመቀነስ ምልክቷን አይቶ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ «ስንት ይሁን?» አላት። ከሚቀጥለው ቁላት ጀምሮ በ6 ዶላር ከ25 ነው የሚወስደው።